ሪፈረንስ ስትሰጪ፦ ማንን፣ እንዴት፣ ምን ብለሽ

«ለአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የፋይናንስ ኦፊሰርነት አመልክቼ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። አሁን የሦስት ሰው ሪፈረንስ እስከ ሐሙስ ላኪ አሉኝ። የአሁኑ አለቃዬ ሥራ እየፈለግኩ መሆኔን አያውቅም። ማንን ልስጥ? ለሰዎቹስ ምን ልበላቸው?»

የመጀመሪያዋ ሰው ከዚህ በፊት በነበርሽበት መሥሪያ ቤት የቅርብ አለቃሽ ትሁን። ሥራ አስኪያጁ ማዕረጉ ቢበልጥም ሰነድሽን አገላብጦ ካላየ የሚናገረው «ጥሩ ልጅ ናት» ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። ሁለተኛው አሁን በምትሠሪበት ቦታ ከአንቺ ከፍ ያለና ምስጢር የሚጠብቅ ሰው፣ ለምሳሌ ሲኒየር አካውንታንቱ፣ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረሽ መምህር ቢሆን ይበቃል። አጎትሽ የባንክ ማናጀር ቢሆንም ተይው፤ ብዙ ቅጾች ዝምድናን በግልጽ ይጠይቃሉ።

የአሁኑን አለቃሽን ጉዳይ አትደብቂው። በዝርዝሩ ግርጌ «የአሁኑ የቅርብ ኃላፊዬ መረጃ የሥራ ቅጥሩ በጽሑፍ ከቀረበልኝ በኋላ ይሰጣል» ብለሽ ጻፊ። የሰው ኃይል ክፍሎች ይህን ጥያቄ ለምደውታል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ የአሁን የሥራ መደብ፣ አብራችሁ ስትሠሩ የነበረው መደብ፣ ከ+251 የሚጀምር ስልክ እና ኢሜይል ይኑር። ኢሜይሉን ሳትሞክሪ አትስጪ፤ ሰውየው መሥሪያ ቤት ከቀየረ የድሮው አድራሻ ተዘግቶ ይሆናል፣ ቅጹም የትም ሳይደርስ ይቀራል። ሰዓት ከጻፍሽም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሚለው አጠገብ በፈረንጅ 9 ሰዓት መሆኑን ጨምሪ። ደዋዩ ከናይሮቢ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ሰው የሚጥለው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪሽ ላይ ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ጁን 2022 ሠርቻለሁ ብለሻል እንበል። የቀድሞ አለቃሽ ስትጠየቅ ከአእምሮዋ «ከ2012 እስከ 2014» ትላለች። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚያዳምጠው የውጭ አገር ሰው ግን ዓመቱን የዋሸሽ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀድመሽ ላኪላት፤ ከሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ጋርም አመሳክሪው።

መጀመሪያ ደውይ፤ መልእክት ብቻ መላክ ነውር ባይሆንም መልሱን ከድምፅ ትሰሚዋለሽ። «ስለ ሥራዬ በደንብ ሊመሰክሩልኝ ይችላሉ?» በያቸው። «እሺ… ይደውሉ» የሚል የተንጠለጠለ መልስ ከሰማሽ አመስግነሽ ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ከደዋዮች ጥያቄ አንዱ «እንደገና ትቀጥሯታላችሁ?» የሚል ነው፣ እዚያ ላይ አፍታ ዝም ማለት እንኳ ይጎዳሻል።

እሺ ካሉሽ በዚያው ቀን አጭር ጽሑፍ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ላኪ። ለቀድሞ አለቃሽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ያመለከትኩት ለፋይናንስ ኦፊሰርነት ነው፤ ዋናው ሥራ የለጋሾችን በጀት መከታተልና ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት ነው። በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ከማያውቁት ቁጥር ሊደወልልዎ፣ ወይም የሚሞላ ቅጽ በኢሜይል ሊመጣልዎ ይችላል። እርስዎ ጋር የሠራሁት ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2014 ነበር (በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ጁን 2022)። ያልተወራረዱትን የመስክ ቅድሚያ ክፍያዎች ያጠራሁበትንና የባንክ ሂሳብ በየወሩ ያስታረቅኩበትን ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ድክመቴ ከጠየቁዎት እውነቱን ይንገሩ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለይስሙላ አይደለም። ድክመት የሌለባት ሠራተኛ አትታመንም፤ አለቃሽ «መጀመሪያ ላይ ኤክሴል ይከብዳት ነበር፣ በኋላ ቀመሮቹን ራሷ ትሠራ ጀመር» ብትል፣ የቀረው ምስጋናዋ ክብደት ያገኛል። አንቺም በቃለ መጠይቁ የተናገርሽውን ድክመት ንገሪያት፤ የሚጋጭ ነገር እንዳይወጣ።

ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ግን አትላኪ። ቃል በቃል የሚመሳሰል ምስክርነት የተጠና መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሲኒየር አካውንታንቱ በኦዲት ወቅት ሰነድ እንዴት እንዳቀረብሽ ይናገር፣ መምህሩ ስለ ጽሑፍሽና ጊዜ ስለ ማክበርሽ። አንዱ ያላየውን እንዲመሰክር አትጠይቂው፤ «ምሳሌ ስጡኝ» ሲሉት ይይዘዋል።

ዝርዝሩን ከላክሽ ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ የሰው ኃይል ክፍሉን «የሁሉም መልስ ደርሷችኋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ያልመለሰ ካለ ደውለሽ ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እንዲያይ ንገሪው።