የመዘግየት ኢሜይል ላይ ቀልድና ቃለ አጋኖ

«ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጨርቅ ስለዘገየብን ለጀርመን ገዢያችን ልጽፍለት ነው። ቀልድ ወይም ተረት ባስገባበት ይለዝባል?»

ወንድሜ፣ በዚህኛው ሁለቱንም ተዋቸው። ገዢው መጀመሪያ የሚፈልገው አዲሱን ቀን ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትገለብጥለት ቀን ላለመናገር የሸሸህ ይመስለዋል። ቀልዱም ፊትህና ድምፅህ አብረው ስለማይደርሱት ጉዳዩን እንደናቅከው ይነበባል።

እንዲህ ብትለው ይበቃል፦ «ጨርቁ ጅቡቲ ላይ በመዘግየቱ ጭነቱ ከሜይ 12 ወደ ሜይ 19 ተዛውሯል። ከ5,000ው ሸሚዝ ግን 2,000ው በቀድሞው ቀን ይወጣል። ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ወሩን በስሙ ጻፈው፤ 5/12 ካልከው አንዱ ሜይ፣ ሌላው ዲሴምበር ብሎ ያነበዋል።

ቃለ አጋኖን ከጥያቄና ከወቀሳ አርቀው። «ዛሬ መልስ ስጡን!» በአራት ነጥብ ቢያልቅ ጥያቄ ሆኖ ይቀር የነበረው፣ በቃለ አጋኖ ጩኸት ይሆናል። ጭነቱ በሰላም ሲደርስ ግን «እናመሰግናለን!» ብትል ደስታህን በትክክል ያሳይልሃል፤ አንድ ብቻ ይሁን።

ለቀልድ እሱ ይቅደም። ከቀለደም ስለ አየሩ ወይም ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ሰው፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ አትመልስ።