ለደንበኛ ጉብኝት መኪና፦ መከራየት ወይስ መግዛት? (ጥያቄና መልስ፣ ጎንደር)

ጥያቄ፦ በግሌ የምሠራ አማካሪ መሐንዲስ ነኝ። ደንበኞቼ ማክሰኚት፣ ቆላ ድባና ደባርቅ ድረስ አሉኝ። መኪና ልግዛ ወይስ በኮንትራት ልከራይ?

መልስ፦ መልሱን የሚወስነው መኪናው በዓመት ስንት ቀን ይሠራል የሚለው ነው። በዙሪያዬ ያሉ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ግን የሚያነጻጽሩት የመግዣ ዋጋውንና የወር ኪራዩን ብቻ ነው። ለማሳያ ያህል፣ አሮጌ የቤት መኪና በ2,400,000 ብር ገዝተው ከአራት ዓመት በኋላ በ1,800,000 ብር ቢሸጡት፣ በየዓመቱ 150,000 ብር ከዋጋው ይቀንሳል። ለመድን፣ ለቦሎ፣ ለጎማና ለጥገና ሌላ 150,000 ብር ይያዙ። ብዙዎች የሚዘነጉት ሦስተኛው ወጪ የገንዘቡ ራሱ ነው፤ ያው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 168,000 ብር ያስገኝ ነበር። ድምሩ ነዳጅ ሳይጨምር 468,000 ብር ነው። ያለ ሾፌር የቀን ኪራዩ 4,000 ብር ከሆነ፣ ይህ ወጪ የ117 ቀን ኪራይ ያህል ነው። ስለዚህ በወር ከአሥር ቀን በታች የሚወጡ ከሆነ በሚወጡበት ቀን ብቻ መከራየቱ ይረክሳል። ዋጋዎቹ የእኔ ግምት ስለሆኑ፣ ያገኙትን ትክክለኛ ዋጋ ተክተው ያስሉት።

ግማሹን ገንዘብ በ18 በመቶ ቢበደሩ፣ የመጀመሪያው ዓመት የገንዘብ ወጪ ወደ 300,000 ብር፣ ድምሩም ወደ 600,000 ብር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ 150 ቀን ላይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ እንደሰማሁት ኪራይ ሙሉ በሙሉ ከግብር ይቀነሳል፤ የተገዛ መኪና ግን አይቀነስም። ታዲያ መከራየት አይሻልም?

መልስ፦ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን አይደለም። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ ለሥራው የከፈለውን ኪራይ በሕጋዊ ደረሰኝ ወጪ ያደርጋል። ከመንደር ደላላ በቃል ተከራይቶ ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ግን ገንዘቡን ከፍሎም ወጪው ተቀባይነት አያገኝም። የተገዛ መኪናም የእርጅና ቅናሽ አለው፦ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅና በማስፈጸሚያ ደንቡ መሠረት፣ እንደ መኪና ያለ ንብረት እየቀነሰ በሚሄደው ስልት በዓመት 20 በመቶ ይቀነስለታል። ከላይ ያለው መኪና 70 በመቶ ለሥራ፣ 30 በመቶ ለቤተሰብ የሚውል ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ480,000 ብር ውስጥ 336,000 ብር ብቻ ይያዛል። የጉዞ መዝገብ (ቀን፣ ደንበኛ፣ መነሻና መድረሻ ኪሎ ሜትር) ካልያዙ፣ ያን 70 በመቶ ለኦዲተር ማስረዳት ይቸግራል። ሲሸጡም ዋጋው በመዝገብ ከቀረው በላይ ከሆነ ትርፉ ለግብር ይታሰባል፤ በዚህ ገበያ ይህ በቀላሉ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ የእኔ የቤት መኪና ቆሞ ነው የሚውለው። ለአንድ ባለሙያ በወር ባከራየው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እትዬ፣ ጥያቄዎ ከአከራዩ ወገን ቢሆንም ተከራዩም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይዟል። በሊብሬው ላይ አገልግሎቱ «የግል» የሆነ መኪና ለኪራይ ሲውል፣ የመድን ውሉ ብዙ ጊዜ አጠቃቀሙን በግል ስለሚወስን፣ አደጋ ቢደርስ ድርጅቱ ካሳውን ሊከለክል ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳቱ በእርስዎና በተከራዩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ተከራይ ከመፈረሙ በፊት ሊብሬውንና የመድን ውሉን ዋናውን ቅጂ ያንብብ። ከውሉ ውስጥም ጥገናው በማን እንደሆነ፣ መኪናው ቢበላሽ ምትክ ይሰጥ እንደሆነ፣ በወር የተፈቀደው ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ይፈልግ። ደባርቅ ድረስ በተደጋጋሚ የሚሄድ ሰው የኪሎ ሜትር ጣሪያውን ፈጥኖ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ በኮንትራት በወር 70,000 ብር ተባልሁ። ለዓመት ልፈርም?

መልስ፦ በዓመት 840,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ከላይ ካሰላነው የባለቤትነት ወጪ እጅግ ይበልጣል። ወርኃዊ ኮንትራት የሚጠቅመው ሥራው በጥቂት ወራት ሲጠራቀም ነው፤ ለምሳሌ የሦስት ወር የግንባታ ክትትል ካለብዎ ለሦስቱ ወር ብቻ ይፈርሙ። በክረምት ጉዞ እየቀነሰ ኪራዩ ግን ሳይቀንስ የሚቀጥልበት ውል በጣም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ኤሌክትሪክ ልግዛ?

መልስ፦ ክልከላው በ2016 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ተፈላጊነቱ ቢጸና አያስደንቅም፤ ለዚህም ነው በስሌቴ የመሸጫ ዋጋውን ያን ያህል ዝቅ ያላደረግሁት። ጎንደር ውስጥና እስከ አዘዞ ለሚመላለስ፣ ማታ በቤቱ ለሚሞላ ሰው ኤሌክትሪክ ነዳጅን ይቆጥባል። ደባርቅ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ዳገቱ ባትሪ ስለሚበላ፣ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ መሆኑን ሻጩ ከሚናገረው ቁጥር ይልቅ በዚያው መንገድ በሙከራ ያረጋግጡ። የባትሪው ዋጋ ከአራት ዓመት በኋላ በመሸጫው ላይ ምን ያደርጋል የሚለው እስካሁን አልተፈተነም፤ ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ከእኔ የተለየ ግምት ያለው ሰው ቢኖር አልሟገተውም።