ከማስተማር ወደ ፕሮጀክት ሥራ ለምትሻገሩ፦ ስለዚያች አንድ ገጽ ደብዳቤ

ውድ ወጣት መምህራን፣

ፕሮጀክት መምራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ስንቀጥር የማመልከቻ ደብዳቤዎቹን የማነበው እኔ ነኝ። ከመምህራን የሚመጡትን ደግሞ ረጋ ብዬ ነው የማያቸው። ሥራውን በደንብ ሊሠራ የሚችል ሰው በደብዳቤው ምክንያት ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁሌም ያስቆጨኛል።

አብዛኞቹ ደብዳቤዎች እንዲህ ይላሉ፦ «በመምህርነቴ በየቀኑ 40 ተማሪዎችን አስተዳድራለሁ፤ የትምህርት ዕቅድ አወጣለሁ፤ ስለዚህ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ለእኔ አዲስ አይደለም።» ጸሐፊው ይህን የሚለው ከልቡ ነው። ሙያውን የሚያውቅ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። ፕሮጀክት የሚባለው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ሲያልቅ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ትቶ የሚሄድ ሥራ ነው። በየሳምንቱ ክፍል ገብቶ ማስተማር ተደጋጋሚ ሥራ ነው። በእኛ ቤት መደበኛ ሥራ ወይም ኦፕሬሽን ይባላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የጻፈ ሰው፣ ልዩነቱን ገና እንዳልያዘው ሳያስበው ይነግረኛል።

ስለዚህ ማስተማርን በሙሉ ወደ ፕሮጀክት ቋንቋ ለመተርጎም አትድከሙ። በመምህርነት ዘመናችሁ የሠራችሁትን አንድ እውነተኛ ፕሮጀክት ፈልጉ። አዲስ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ሥልጠናውን አስተባብራችሁ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ አዛውራችሁ ይሆናል። ዋናው መለያ ይሄ ነው፦ የማይነቃነቅ ቀን ነበረው ወይ? የማታዟቸው ሰዎች ሥራቸውን በሰዓቱ እንዲያደርሱላችሁ ማድረግ ነበረባችሁ ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ተማሪ መምህሩን ይሰማል። ባልደረባ ግን አለቃው አይደላችሁም፤ የፕሮጀክት ሰው ደግሞ ውሎው ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር ነው።

አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ደብዳቤዋን እንዳይላት ይዛልኝ መጣች። ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ነበር። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ «ክፍል ውስጥ ያልሆነ፣ አንቺ የመራሽው ሥራ አለ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «የሳይንስ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ይሄ ምኑ ይጻፋል?» አለችኝ።

እያወጣጣሁ ጠየቅኋት። ዝግጅቱ 9 ሳምንት ፈጅቷል። 26 የተማሪ ሥራዎች ነበሩ፤ 12 መምህራን ተካፍለዋል፤ አንዳቸውም የእሷ የበታች አይደሉም። ሊከፈት 11 ቀን ሲቀረው አዳራሹ ለሌላ ጉዳይ ተወሰደ።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሁለት አማራጭ ይዛ ገባች። አንደኛው ዝግጅቱን በሁለት ሳምንት ማራዘም ነው፤ ያ ግን ከፈተና ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው በመማሪያ ክፍሎች ማሳየት ነው፤ በዚያ ላይ ግን ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሌለ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ ሁለተኛውን መረጡ። እሷም ኤሌክትሪክ የሚፈልጉትን 4 ሥራዎች ቤተ ሙከራ አስገባች፤ 22ቱን በ5 ክፍሎች አከፋፈለች። ዝግጅቱ በቀኑ ተከፈተ።

ልጆቼ፣ ይሄ ሙያው ራሱ ነው። ቀኑን ለመጠበቅ ከሥራው ላይ መቀነስ፣ የሚቀነሰውን ግን ብቻ ሳይወስኑ የመወሰን ሥልጣን ላለው ሰው አማራጩን ከነዋጋው ማቅረብ። ደብዳቤዋ ላይ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አልነበረችም።

አዲሱ ደብዳቤ መሐሉ ላይ እንዲህ ሆነ፦

«12 ባልደረቦቼ የተሳተፉበትን የሳይንስ ኤግዚቢሽን ከዕቅድ እስከ መዝጊያ ለ9 ሳምንት አስተባብሬያለሁ። ሊከፈት 11 ቀን ሲቀረው አዳራሹን አጣን። ሁለት አማራጮችን እያንዳንዳቸው ከሚያስከትሉት ጋር ለርዕሰ መምህሩ አቀረብኩ። በውሳኔያቸው መሠረት 26ቱን ሥራዎች በቤተ ሙከራና በ5 ክፍሎች አደላድዬ በተያዘለት ቀን ከፈትን። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓቱን ግን መተው ነበረብን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልታወጣት ፈልጋ ነበር። ድክመት መሰላት። እንዳታወጣት ለመንኳት። ምንም ያልጎደለበት ፕሮጀክት ሳነብ እጠራጠራለሁ፤ ምን እንደቀረ የሚናገር ሰው ግን ሥራው ውስጥ በእርግጥ ነበር።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፣ የምታስታውሱትን ብቻ ጻፉ። «ውጤታማነትን በ30 በመቶ አሳደግሁ» ብላችሁ ቃለ መጠይቅ ላይ «በምን ለካችሁት?» ስትባሉ መልስ ከሌላችሁ፣ እውነተኛው ታሪካችሁም አብሮ ይጠረጠራል። በሙያ ቃላትም እንደዚያው። መምህርቷ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች አስቀድመው የሚጻፉበት የስጋት መዝገብ አልነበራትም፤ ስለዚህ ነበረኝ ብላ አልጻፈችም። በሥራ ማስታወቂያው ላይ ካሉት ቃላት በእርግጥ የሠራችሁትን የሚገልጹትን ሁለት ሦስቱን ብትጠቀሙ ይበቃል።

ስለ ሰርተፊኬት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ፒኤምአይ የተባለው ዓለም አቀፍ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም የሚሰጠው ሲኤፒኤም የተባለ ሰርተፊኬት ለጀማሪ የሚሆን ነው። ለመፈተን ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅና የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃል፤ የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ልምድ ላላቸው የሚሰጠው የዚያው ተቋም ሰርተፊኬት፣ ፒኤምፒ፣ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው እንኳ 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይፈልጋል፤ ክፍል ውስጥ ያስተማራችሁበት ዓመት ደግሞ በራሱ እንደ ፕሮጀክት ልምድ አይቆጠርም። ስለዚህ «ፒኤምፒ በቅርቡ እወስዳለሁ» የሚል መስመር ደንቡን የሚያውቅ አንባቢ ዘንድ ይጎዳችኋል። ሥልጠናውን ጀምራችሁ ከሆነ የት እንደደረሳችሁ በአንድ መስመር ጻፉና እለፉ። የምታመለክቱበትም ቦታ ከዚህ ጋር ይመጣጠን። ፕሮጀክት አስተባባሪ ወይም ረዳት ብላችሁ ግቡ። ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ካመለከታችሁ ይሄው ደብዳቤ ቀላል ሆኖ ይታያል።

ማስተማርን ለምን እንደምትተዉ ግዴታ ይነሳል። ደመወዙን፣ አስተዳደሩን፣ ድካሙን ደብዳቤ ላይ አታንሱ። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከምን እንደምትሸሹ እንጂ ወደ ምን እንደምትሄዱ አይነግረኝም። መምህርቷ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «በእነዚያ 9 ሳምንታት የሠራሁትን ሥራ በዓመት አንዴ ሳይሆን ዘወትር መሥራት እፈልጋለሁ።» እዚያው ላይ ተወችው። ደብዳቤው በጠቅላላ ከአንድ ገጽ አላለፈም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከግማሽ ሰዓት በላይ የፈጀው ንግግር ያለቀው በኤግዚቢሽኑ ላይ ነበር። አንደኛው ጠያቂ «አዳራሹን ያጣችሁት 3 ቀን ሲቀረው ቢሆን ኖሮስ?» አላት። «ያኔ አማራጭ የማዘጋጅበት ጊዜ ስለማይኖረኝ፣ ያንኑ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ጋ ገብቼ ከ26ቱ የትኞቹ እንደሚቀሩ አብረን እንወስን ነበር» ብላ መለሰች።