ሦስት እሁድ የፈጀውን ክርክር በአንድ ገጽ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከቡሬ አካባቢ ነው። ከወንዝ ጠልፈን በቦይ የምናጠጣ ገበሬዎች ማህበር አለን፤ ፀሐፊው እኔ ነኝ። ዘንድሮ የውሃ ተራው ከላይ ይጀምር ወይስ ከታች በሚል ሦስት እሁድ ተከራከርን፤ አልተቋጨም። ዘጠኝ አባሎቻችን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደዋል። ሁለቱ ደግሞ ባህር ዳር በሽተኛ ያስታምማሉ። ሊቀመንበሩ «የተባለውን አሳጥረህ፣ ሳታዳላ ጽፈህ ላክላቸው» አሉኝ። ደብተሬ ሃያ ገጽ ሞልቷል። ስጽፈው አራት ገጽ ሆነብኝ። ላሳጥረው ብዬ «የላይኞቹ ውሃውን ለብቻቸው መያዝ ስለፈለጉ ሀሳቡን ተቃወሙ» ብዬ ብጽፍ፣ አንዱ አይቶ ክፉኛ ተቆጣኝ። የእኔም መሬት ከታች ነው። እንዴት ላድርገው?

ፀሐፊው

ወንድሜ፣ የተቆጣህ ሰው አልተሳሳተም። «ስለፈለጉ» ብለህ የጻፍከው በስብሰባው ላይ ማንም ያልተናገረውን ይመስለኛል። ውሃውን ለብቻችን እንያዝ ያለ ሰው ደብተርህ ላይ ይኖራል ብዬ አላምንም። የተባለውና የተሰጠው ምክንያት አለ፤ እሱን ጻፍ። በልባቸው ምን እንዳለ ብታውቅም፣ ያ የእነሱ ነው። መተማ ያለው ሰው ከአንተ የሚፈልገው እሱ ራሱ ቢኖር ኖሮ ይሰማው የነበረውን ነው።

አሁን ወደ ርዝመቱ። አራት ገጽ የሆነብህ የደብተርህን ተራ ስለተከተልክ ይመስለኛል። ደብተር የሚሞላው በተናጋሪ ተራ ነው። አንዱ በመጀመሪያው እሁድ የተናገረውን፣ አምስት ሰው በሁለተኛው እሁድ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ደግሞ ያው ሰው ተነስቶ «ቅድም እንዳልኩት» ይላል። በማጠቃለያ ላይ ያ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ደብተሩን ገልብጠህ አትጀምር። ባዶ ወረቀት ያዝና፣ ሰዎቹ የተከራከሩባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ጻፍ። ሃያ ገጽ ክርክር ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ነው የሚወጣው። ከዚያ ደብተሩን እያገላበጥክ፣ እያንዳንዱን ንግግር ከጥያቄው ስር አስገባው። ተመሳሳይ ሆኖ የመጣ አዲስ መስመር አያስፈልገውም።

ይህን ስታደርግ አንድ ነገር ታያለህ። ከጥያቄዎቹ አንዳንዱ የፍላጎት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የእውነት ጉዳይ ነው። «ተራው ከየት ይጀምር?» የፍላጎት ጥያቄ ነው፤ ማህበሩ ይወስነዋል። «ባለፈው ዓመት ውሃው ወደ ታች ለምን አልደረሰም?» የሚል ከተነሳ ግን ሄዶ የሚታይ ነገር ነው። ውሃውን በተራ ከሚያከፋፍሉት ከውሃ አባቱ ጋር ቦዩን ዳር ለዳር ቢሄዱበት የተሸነቆረ ቦታ መኖር አለመኖሩ ይታወቃል። ሁለቱ ተቀላቅለው ከተጻፉ፣ ያልተጣራው ነገር እንደተጣራ ሆኖ መተማ ይደርሳል። እዚያ ያለው ሰው ደግሞ መሃል ገብቶ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ለብቻው አውጣውና ማን ምን እንዳለ ጽፈህ፣ «ገና አልተጣራም» በል። አንተ ራስህ መልሱን የምታውቅ ቢመስልህም እንዲሁ አድርግ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ወገን ምን ብለህ እንደምትጠራቸው አስብ። «የላይኞቹ» እና «የታችኞቹ» አትበል። መሬቱ ከላይ ሆኖ ከታች ይጀመር ያለ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ደብተርህን እይ። ባይኖርም፣ እንዲያ ብለህ ስትጽፍ መተማ ያለው ሰው ሀሳቡን ሳይሰማ መሬቱ ያለበትን ያስብና ወገኑን ይመርጣል። በያዙት ሀሳብ ጥራቸው፦ «ከላይ ይጀምር የሚሉት»፣ «ከታች ይጀምር የሚሉት»። የሰው ስምም አትጻፍ። ስም ያለበትን ጽሑፍ ሰው የሚያነበው በዝምድናና በቂም ነው።

ለሁለቱም «ይላሉ» በል፤ ሌላ አትጨምር። አንዱ ወገን «አስረዱ»፣ ሌላው «ተሟገቱ» ከሆነ ፍርድ ሰጥተሃል። አንዱን «አሉ» ሌላውን «አለ» ማለትም እንዲሁ ነው። አንዱን ወገን ጽፈህ በ«ግን» ወደ ሌላው አትሻገር፤ የመጨረሻው ቃል ብዙ ጊዜ የበለጠ ይሰማል። ሁለቱን በየአንቀጻቸው ለየብቻ አስቀምጥ። ርዝመታቸው ቢቀራረብ ጥሩ ነው፤ አንዱ ወገን ሁለት ምክንያት ብቻ ከሰጠ ግን ሚዛን ለመጠበቅ ብለህ ሦስተኛ አትፍጠርለት።

ደብተርህን ባላየውም፣ በመስኖ ተራ ክርክር ላይ የሚነሳውን ይዤ አንድ ልሞክርልህ። የማይስማማውን ከደብተርህ ተካው።

«ስለ ውሃ ተራ በሦስት እሁድ ተነጋግረናል። እስካሁን ውሳኔ የለም፤ ድምፅም አልተሰጠም።

ጥያቄው፦ ዘንድሮ ተራው ከላይ ይጀምር ወይስ ከታች?

ከላይ ይጀምር የሚሉት፦ ነባሩ ሥርዓት ይኸው ነው፤ ድንች የተከልነው በዚህ ተማምነን ነው፤ ቦዩ ገና ደረቅ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ሩቅ የሚለቀቅ ውሃ መንገድ ላይ ይሰርጋል ይላሉ።

ከታች ይጀምር የሚሉት፦ ባለፈው ዓመት ተራችን ሳይደርስ ውሃው ቀነሰ፤ ሽንኩርታችን ደረቀ፤ ወንዙ ብዙ ውሃ ያለው አሁን ስለሆነ ሩቁ ቀድሞ ያጠጣ ይላሉ።

ያልተጣራ ነገር፦ ባለፈው ዓመት ውሃው ወደ ታች ለምን አልደረሰም? ከተመደበለት ሰዓት በላይ የሚያጠጣ አለ ያሉ አሉ። ቦዩ መሃል ላይ ተሸንቁሮ ነው ያሉም አሉ።

የተስማማንበት፦ የማንም ተራ ከመጀመሩ በፊት ቦዩ በደቦ ይጠረጋል።

ቀጣዩ ስብሰባ … ቀን ነው። ሀሳብ ያላችሁ እስከዚያ ለሊቀመንበሩ ደውሉ።»

ይህ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ ግድም ይፈጃል። «ውሳኔ የለም» የሚለው መጀመሪያ ላይ የገባው ሆነ ብዬ ነው። ርቆ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ ምን ተወሰነ?» ብሎ ነው። መልሱን መጨረሻ ላይ ካገኘው፣ እስከዚያ ያነበበውን ሁሉ እንደ ውሳኔ ሊወስደው ይችላል።

አንድ ቃል ከጽሑፍህ አርቅ፦ «አብዛኛው ሰው»። እጅ ካልተቆጠረ ብዛቱን አታውቅም። አራት ጯሂ ሰው አሥራ አምስት መስሎ ይሰማል። ዝም ያለው ደግሞ ምን እንደሚያስብ አልተናገረም። ድምፅ ተሰጥቶ ቢሆን ቁጥሩን ራሱን ትጽፍ ነበር።

ስድቡንና የቆየውን ቁርሾ ተወው። ልክ የሆነው መለያ ይህ ነው፦ የተባለው ነገር ማህበሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠይቃል ወይ? «አንተ ሌባ ነህ» መግባት የለበትም። «የውሃ አባቱ ያዳላሉ፤ ይቀየሩ» ከተባለ ግን፣ ሲነገር በቁጣም ይሁን፣ ሀሳብ ነው። «የውሃ አባት ይቀየር የሚል ሀሳብ ቀርቧል፤ ውይይት አልተደረገበትም» ብለህ በአንድ መስመር አስገባው። ለሰላም ብለህ ብትተወው፣ የመተማዎቹ ሲመለሱ ከሌላ ሰው ይሰሙትና ያንተን ወረቀት ሁለተኛ አያምኑትም።

የአንተ መሬት ከታች መሆኑ ሥራውን አያስከለክልህም፤ አሠራርህን ግን መቀየር አለበት። መጀመሪያ የተቃራኒህን አንቀጽ ጻፍ፤ እጅህ ሳይደክም። ከዚያ ያንን አንቀጽ ብቻ ይዘህ፣ ከዚያ ወገን አጥብቆ ወደ ተከራከረው ሰው ሂድ። የተቆጣህ ሰውዬ ለዚህ ይሻላል። አንብብለትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቀው፦ «ያላችሁት ይኸው ነው? የቀረ ዋና ምክንያት አለ?» በስብሰባው ተብሎ አንተ ያለፍከው ካለ ጨምርለት። በስብሰባው ያልተባለ አዲስ ምክንያት ካመጣ ግን ለቀጣዩ ስብሰባ ያቆየው። የሌላውን ወገን አንቀጽ እንዲያርም አትፍቀድለት፤ ያን የሚያየው የዚያ ወገን ሰው ነው። ሁለቱም «አዎ፣ ያልነው ነው» ካሉህ ጨርሰሃል። «ደህና አድርገህ ጻፍክልን» ብሎ የሚደሰት ከመጣ ደግሞ አንቀጹን እንደገና አንብበው፤ ምናልባት ከተባለው በላይ አሳምረህለት ይሆናል።

ይህ ወረቀት ቃለ ጉባኤውን አይተካም። የተፈረመው ቃለ ጉባኤ እንዳለ ይቀመጥ፤ ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ሲመለስ ያየዋል። ርቀው ያሉት በስልክ ወይም በወኪል ድምፅ መስጠት ይችሉ እንደሆነም በማጠቃለያው አትወስን። መተዳደሪያ ደንባችሁ የሚለውን ሊቀመንበሩ አይተው ይንገሩ።

አላላኩ ላይ ደግሞ ለአሥራ አንዱም በአንድ ቀን ይድረሳቸው። ቀድሞ የደረሰው ለሌላው በራሱ ቃል ከነገረው ድካምህ ከንቱ ነው። ማንበብ ለማይችል ደውለህ አንብብለት፤ የተጻፈውን ብቻ፣ እንዳለ፣ ማብራሪያ ሳትጨምር። «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለታቸው አይቀርም። ንባቡን ጨርስና፣ ከዚያ «ይሄ የራሴ ሀሳብ ነው» ብለህ ለይተህ ንገራቸው፤ ወይም መሬትህ ከታች መሆኑን አስታውሰህ እለፈው። ከላክ በኋላ ስህተት ከተገኘ፣ ስህተቱን ለጠቆመህ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም «ይህ መስመር ተስተካክሏል፤ የቀድሞው እንዲህ ነበር» ብለህ እንደገና ላከው።