ደመወዜን የበለጠው የማታ ሥራዬ፦ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

«ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። በእጄ የሚገባው 15,000 ብር ነው። ማታ ማታ የምሠራው የዲዛይን ሥራ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ከደመወዜ በለጠ። የቤት ወጪዬ 12,000 ነው፣ 60,000 ብር ቁጠባ አለኝ። ዕቁቡ ወጥቶልኝ ላፕቶፕ ገዝቼበታለሁ፣ በወር 2,000 እየከፈልኩ 8 ወር ይቀረኛል። በዚህ በነሐሴ ልልቀቅ?»

እህቴ፣ በነሐሴ አትልቀቂ። እኔ በሐምሌ መጨረሻ ለቅቄ አይቼዋለሁ።

የእኔም ስሌት ያንቺው ነበር። ሥራዬ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የካፌ ሜኑ፣ የምርቃት መጽሔት ነው። በግንቦት 19,000፣ በሰኔ 28,000፣ በሐምሌ 17,000 ብር ገባልኝ። በአማካይ ከ21,000 በላይ ማለት ነው። ደመወዜ የዚያን ጊዜ 14,000 ነበር፣ «ምን እየጠበቅሁ ነው?» ብዬ ደብዳቤዬን አስገባሁ።

ቀጥሎ ነሐሴ 8,000 አመጣ። መስከረም 4,000። ጥቅምት 6,000። የቤቱና የሥራው ወጪ ተደምሮ በወር 15,500 ነበር። በሦስት ወር 28,500 ጎደለኝ፣ ቁጠባዬ ደግሞ 25,000 ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ ከወንድሜ ተበደርኩ፣ ከዚያም እንደገና ተቀጠርኩ።

ሥራዬ ተበላሽቶ አልነበረም። ግንቦትና ሰኔ ሠርግና ምርቃት ያለባቸው ወራት ናቸው፣ ሐምሌ ላይ የገባው ደግሞ አብዛኛው የሰኔ ሥራ ክፍያ ነበር። በክረምት ሠርግ የለም፣ ሱቁም ማስታወቂያ አያሠራም። መስከረም ላይ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለልጆች ትምህርት ነው። እኛ ከተማ ጅማ ውስጥ እጅ የሚፈታው ቡናው ገበያ ላይ ሲወጣ ነው፣ ከኅዳር ወዲህ። እዚሁ መርካቶ ያለው ነጋዴ «አዲስ ታፔላ ሥራልኝ» የሚለኝ ያኔ ነው። ስለዚህ ያየሻቸው ሦስት ወራት የዓመቱ ምርጦች ናቸው፣ ዓመቱን አይወክሉም።

ሁለተኛው ስህተቴ ያለቀን ሥራ እንደ ገባ ገንዘብ መቁጠሬ ነው። በሰኔ ለአንድ መሥሪያ ቤት የ13,000 ብር ሥራ ሠርቼ አስረከብኩ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰነዱ ከዚያ በፊት ስላላለቀ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ዞረ። «ነገ ና» ሲሉኝ ከርመው ብሩ የገባው በኅዳር ነው። በነሐሴ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አልበደርም ነበር። አሁን ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፣ ሥራው ያለቀበት ቀንና ብሩ የገባበት ቀን። ልልቀቅ አልልቀቅ የሚለውን የምወስነው በሁለተኛው ዓምድ ብቻ ነው። ያንቺን ሦስት ወራትም እንዲሁ አድርገሽ እንደገና ጻፊያቸው፣ ቁጥሩ ይቀንስ ይሆናል።

ወደ ቁጠባሽ እንምጣ። የወጣልሽ ዕቁብ ዕዳ ነው፣ ስለዚህ ከ60,000 ላይ 16,000 ቀንሺ። 44,000 ቀረሽ። ወጪሽም 12,000 ብቻ አይሆንም። ፋይል የምትልኪው በቢሮ ዋይፋይ አይደል? መብራት ሲጠፋስ ጄኔሬተሩ የማነው? የእኔ ዳታ፣ ባጃጅና የናሙና ማተሚያ በወር 2,500 ይፈጃል። እንግዲህ 14,500 በዪው። ድርጅቱ ለጡረታሽ የሚከፍለው 11 በመቶም አብሮ ይቀራል፣ ግን እሱ ዛሬ ራት አያሳጣሽም።

የእኔ ደረቅ ወራት አንቺ ላይ ቢደርሱ ምን ይሆናል? በሦስት ወር 43,500 ታወጫለሽ፣ 18,000 ይገባል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከዕቁቡ ዕዳ የተረፈ 18,500 ብር ብቻ ይኖርሻል። የላፕቶፑ ስክሪን ቢሰበር አለቀ።

ያንኑ ሦስት ወር ደመወዝ እየበላሽ ብትቆዪስ? ከ15,000ው ቤትሽንና ዕቁብሽን ከፍለሽ በወር 1,000 ይተርፍሻል። የማታው 18,000 ሳይነካ ይቀመጣል። የዕቁቡ ዕዳም ወደ 10,000 ይወርዳል። ኅዳር 1 ዕዳሽን ቀንሰሽ በእጅሽ 71,000 ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ልዩነቱ 52,500 ብር።

ጉዳዩ አንድ ብቻ ነው፣ የነሐሴን፣ የመስከረምንና የጥቅምትን የማታ ገቢ በደብተር ያዢ። እንደ እኔ በወር ወደ 6,000 የሚጠጋ ከሆነ ከኅዳር ወዲህ ያለው ያካክሰዋልና ያኔ መልቀቅ ትችያለሽ። ከ3,000 በታች ከወረደ፣ ወይም ከገቢው ግማሹ ከአንድ ደንበኛ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አንድ ዓመት እጨምር ነበር። እስከዚያ ድረስ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ጨርሺ፣ መለያ ቁጥር ከሌለሽ ድርጅቶች ከክፍያሽ ከፍ ያለ ግብር ይቀንሱብሻል። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቅ ደብዳቤውን ቀድመሽ አስቢበት። እኔ እንደገና ከተቀጠርኩበት ሥራ ለመልቀቅ ሁለተኛውን ደብዳቤ ያስገባሁት በሌላ ዓመት ጥቅምት 1 ነበር። ኅዳር 1 ቀን ከቢሮ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ሄርማታ አንድ ሱቅ በር ላይ ሜትር ይዤ የታፔላ ልክ እየወሰድኩ ነበር።