ከሰልስት በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ

ልጆቼ፣ የድህረ ምረቃ ተማሪዎችን ጽሑፍ ሳማክር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ ሊያስረክብ ጥቂት ቀን ሲቀረው መርዶ ይደርሰዋል። ብዙዎቹ ያኔ ድምፃቸውን ያጠፋሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ወንድሜ ሲሞት ለማንም ሳልናገር ምዕራፌን በሰዓቱ አስረክቤያለሁ። ግማሹ ገጽ ትርጉም አልነበረውም። አማካሪዬ ሰነፍክ ብለው ተቆጡኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።

አማካሪን ተጨማሪ ቀን ለመጠየቅ ሁለት መልእክት እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ገና ጉዞ ላይ ሳላችሁ የሚላክ ነው። እንደምታውቁት በኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። "እናትሽ ትንሽ አሟታል፣ ነይ" ይባላል፤ እውነቱ ቤት ስትደርሱ በማለዳ ይነገራል። ስለዚህ መልእክቱን ጓደኛችሁ ወይም የክፍል ተጠሪው ቢልክላችሁ ነውር የለውም። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ምን እንደደረሰና ከሰልስት በኋላ ራሳችሁ እንደምትጽፉ። ቀን አትጠይቁበት። በለቅሶ ቤት የተቆጠረ ቀን አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ልትለምኑ ነው። ሁለተኛው ልመና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ሁለተኛው ዋናው ደብዳቤ ነው። አንዲት ተማሪዬን ላንሳላችሁ። እናቷ ያረፉት ሚያዝያ 29 ነበር፤ ምዕራፍ አራት፣ የመረጃ ትንተናው፣ የሚያስፈልገኝ ግንቦት 12። ሰልስቱ ግንቦት 1 ዋለ፤ በማግስቱ ይህን ጻፈችልኝ፦

"የተከበሩ መምህሬ፣ እናቴ ሚያዝያ 29 አርፋለች። ሰባቷ ግንቦት 5 ስለሆነ ግንቦት 7 ከተማ እመለሳለሁ። ከ14ቱ ቃለ መጠይቆች ስድስቱን ተንትኛለሁ፤ ስምንቱ ቀርተዋል። ምዕራፉን እስከ ግንቦት 30 ባስረክብ ይፈቀድልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።"

ጥሩ ደብዳቤ ነው። ሐዘኗን አልዘረዘረችም፣ ይቅርታም አላበዛችም። "ጥቂት ቀን ይሰጠኝ" አላለችም፤ ቀኑን ጠርታለች። ያለቀውንና የቀረውን በቁጥር ስለነገረችኝ ማሰብ ቻልኩ። "ጥቂት ቀን" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ግን አማካሪው የራሱን ቀን ይገምታል፣ ተማሪውም የራሱን፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ስታለች። ቀኑን የቆጠረችው ከሞቱ ወደፊት ነው፤ መቆጠር ያለበት ግን ከማይነቃነቀው ቀን ወደ ኋላ ነው። የእሷ የማይነቃነቅ ቀን ሰኔ 12 ነበር። ጽሑፉ ለፈታኞች የሚሰጠው ያን ቀን ነው። እኔ ምዕራፍ ለማንበብ አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል። ግንቦት 30 ብታስረክበኝ አስተያየቴ የሚደርሳት ሰኔ 7 ነው። በጎን አርባውን ስቆጥር ደግሞ ሰኔ 8 ላይ ዋለ። እንደገና ወደ አገር ቤት መሄድ አለባት፤ ሰኔ 9 ስትመለስ ለእርማት ሦስት ቀን ብቻ ይቀራታል። አይሆንም።

ስልክ ደወልኩላት፣ አጽናናኋት፣ ከዚያ ቀኖቹን አብረን ቆጠርን። ያለቁትን ስድስት ቃለ መጠይቆች ግንቦት 19 ትልካለች፣ ቀሪውን ግንቦት 26። እኔ ግማሹን ቀድሜ ስለማነብ አስተያየቴ ሰኔ 3 ያልቃል። አርባውን ውላ ብትመጣም ለእርማት ስድስት ቀን ታገኛለች። አርባን ማንም አማካሪ አስታውሶ አይቆጥርላችሁም፤ ከመጀመሪያው እናንተው በደብዳቤው ላይ አስፍሩት። አንዳንዱ ተማሪ ያፍራል። ያፈረ ሰው ሰኔ 7 ላይ "ነገ ልሄድ ነው" ይላል፤ ያ ነው የሚያናድደው።

ይህ ሁሉ ምዕራፍን ብቻ ይመለከታል። የምዕራፍ ቀን በእኔና በተማሪዬ መካከል ነው፣ ማስረጃም አልጠይቅም። ፈተናው ራሱ የሚገፋ ከሆነ ግን የእኔ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ጉዳዩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይሄዳል፣ እዚያ ወረቀት ይጠየቃል። ስለዚህ ከለቅሶው ሳትመለሱ ሞቱን ቀበሌ አስመዝግቡ፤ ሕጉ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። አለዚያ በኋላ ለዚያ ብቻ ብላችሁ መመለስ ይመጣል። የምስክር ወረቀቱን ኮፒ አስቀምጡ፣ ባያስፈልግ ምንም አይጎዳችሁም።

ተማሪዬ ሁለቱንም ቀን ጠበቀች። እርማቱን የላከችልኝ ሰኔ 11 ማታ ነው። ሁለት ሰንጠረዦች ብቻ ቁጥራቸው ተዛብቶ ነበር፤ እነሱን በማግስቱ ጠዋት እኔው ቢሮ ተቀምጠን አስተካከልናቸው።