የጁሪ ፈተና፦ K ከ1 በታች ሆኖም ሲስተሙ ለምን ያብዳል?

«P(z) = z³ − 1.5z² + 0.5z + K ላይ የጁሪ ፈተና ሠርቼ 0 < K < 1 አገኘሁ። K = 0.5 ብዬ ሲሙሌሽን ስሞክር ግን ውጤቱ እየሰፋ ይሄዳል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወንድሜ፣ የሠራኸው ሁሉ ልክ ነው። ግን መንገድ ላይ ቆመሃል። እኔም በሞተር መቆጣጠሪያ ሥራ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ወረቀቴ «ይረጋጋል» ይላል፣ ሞተሩ ግን ይንቀጠቀጣል። ሁለት ቀን ሽቦ ስፈትሽ ቆየሁ። ችግሩ ያልጻፍኩት አንድ መስመር ነበር።

አንተ የደረስክባቸው ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች እነዚህ ይመስሉኛል። P(1) = K ስለሆነ K > 0 መሆን አለበት። P(−1) = K − 3 ነው። ዲግሪው 3፣ ማለትም ጎዶሎ ስለሆነ፣ ይሄ ከዜሮ በታች መሆን አለበት፤ ስለዚህ K < 3። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ምልክቱን ይገለብጣል፣ አንተ አልገለበጥክም። ሦስተኛው |K| < 1 ነው። የአንተ መልስ ከዚህ መጣ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ቢሆን ሦስቱ ይበቁ ነበር። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንለማመደው በሁለተኛ ዲግሪ ስለሆነ ሥራው እዚያ ያለቀ ይመስለናል። ዲግሪው 3 ሲሆን ግን ከሰንጠረዡ አንድ ተጨማሪ ሁኔታ ይመጣል። ዲግሪው 4 ከሆነ ሁለት ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ሰንጠረዡን አብረን እንሥራው። የመጀመሪያው ረድፍ ኮኤፊሸንቶቹን ከመጨረሻው ጀምሮ ይይዛል፤ ሁለተኛው እነሱኑ ገልብጦ ነው።

```
K      0.5       -1.5       1
1     -1.5        0.5       K
K²-1  0.5K+1.5   -1.5K-0.5
```

ሦስተኛው ረድፍ የሚወጣው በመስቀለኛ ማባዛት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር K·K − 1·1 ነው። የመጨረሻው ደግሞ K·(−1.5) − 1·(0.5) ነው። አሁን የረድፉ የመጀመሪያ ቁጥር በፍጹም ዋጋ ከመጨረሻው መብለጥ አለበት፦ |K² − 1| > |−1.5K − 0.5|።

ፍጹም ዋጋው አያስፈራህ። K በ0 እና በ1 መካከል መሆኑን ቀድመን አውቀናል። ስለዚህ ግራው 1 − K²፣ ቀኙ 1.5K + 0.5 ይሆናል። ሲስተካከል K² + 1.5K − 0.5 < 0 ነው። ይሄን ስትፈታ K < 0.2808 ታገኛለህ። ትክክለኛው ክልል 0 < K < 0.2808 ነው። ቀላሎቹን ሁኔታዎች ቀድሞ መሥራት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ፍጹም ዋጋውን ያለ ጣጣ ይከፍቱልሃል።

ታዲያ |K| < 1 ለምን አልያዘውም? እሱ የሚያየው የሥሮቹን ብዜት ብቻ ነው። K = 0.5 ስታደርግ አንዱ ሥር −0.398 አካባቢ ነው። የቀሩት ሁለቱ ኮምፕሌክስ ጥንድ ናቸው፣ መጠናቸው 1.12 ገደማ፤ ከዩኒት ሰርክል ውጭ ወጥተዋል። ሦስቱ ሲባዙ ግን መጠኑ 0.5 ነው። ትንሹ ሥር የሁለቱን ጥፋት ሸፍኖላቸዋል ማለት ነው። P(1) እና P(−1)ም አይደርሱባቸውም፤ እነሱ የሚጠብቁት በ+1 እና በ−1 በኩል የሚወጣ ሥርን ነው። ጥንዱ ከሁለቱም ርቆ በጎን ወጣ። ያንን የሚይዘው ሦስተኛው ረድፍ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ሲሙሌሽንህ ላይ ውዝዋዜው በእያንዳንዱ ሳምፕል 12 በመቶ ገደማ የሚያድግ ከሆነ ምክንያቱ ያ 1.12 ነው።

በኮምፒውተር ማረጋገጥ ከፈለግክ፦

```python
import numpy as np
for K in (0.27, 0.2808, 0.29, 0.5):
    print(K, max(abs(np.roots([1, -1.5, 0.5, K]))))
```

0.27 ላይ ትልቁ መጠን ከ1 በታች፣ 0.29 ላይ ከ1 በላይ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ጥንዱ 27 ዲግሪ ገደማ አንግል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ በየ13 ሳምፕሉ ገደማ የሚደጋገም፣ የማያድግ የማይሞት ውዝዋዜ ሊያሳይህ ይገባል። ሌላ ነገር ካየህ ፖሊኖሚያሉን እንደገና ፈትሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቋሚ ቁጥሩ K ብቻ ስለሆነ፣ K = 0 ሲሆን z ለብቻው ይወጣል። የእኔ ሞተር ላይ ያ z የአንድ ሳምፕል መዘግየት ነበር፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ ውጤቱን የሚያወጣው በሚቀጥለው ሳምፕል ነው። መዘግየቱ ባይኖር ፖሊኖሚያሉ z² − 1.5z + 0.5 + K ሆኖ ጣሪያው 0.5 ይሆን ነበር። አንድ ሳምፕል ብቻ ወደ 0.28 አወረደው። የአንተም z ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ ጌይኑን ከመቀነስህ በፊት መዘግየቱን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ እይ።